የመዝገበ ቃላት መለያዎችን አንብቦ ቃል የመምረጥ አሠራር

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ከቃሉ አጠገብ ወይም ከፍቺው ፊት፣ ብዙ ጊዜ በተጋደመ ፊደል፣ አንድ ሁለት አጫጭር ቃላት ተቀምጠው ይገኛሉ። «አርኬይክ»፣ «ኢንፎርማል»፣ «ቨልጋር»፣ «ቺፍሊ ብሪቲሽ» የሚሉት ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ትርጉም ፍለጋ የመጣ ሰው ዓይኑ እነሱን ዘሎ ወደ ፍቺው ያልፋል፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ለመረዳት ብቻ ከሆነ ይህ ብዙም አይጎዳውም። ቃሉን ራሱ ሊጽፈው ወይም ሊናገረው ላሰበ ሰው ግን መለያው ከፍቺው እኩል ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ፍቺው ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሲነግር፣ መለያው ደግሞ ያንን ቃል ማን ለማን፣ የትና በምን ዘመን እንደሚለው ይነግራል።

አሠራሩን በአንድ ቃል ላይ ይዤ ላሳይ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ሰንብቶ ሲመለስ የምስጋና ደብዳቤ አረቀቀና ከመላኩ በፊት እንዳይለት ሰጠኝ። ስለ ቤቱ እመቤት ሊል የፈለገው «በሞቀ ፊት የተቀበሉኝ፣ ቤታቸውንና ቤተሰባቸውን የሚወዱ ሴት» የሚል ነበር፤ ለዚህም ከመዝገበ ቃላት መርጦ ያመጣው ቃል «ሆምሊ» ነው። ይህ ቃል ለቋንቋ ተማሪዎች በተዘጋጀ የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚታየው፣ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ እንዲህ ባለ መልክ ነው፦

```
homely  adjective
1  British, approving
   of a woman: warm and friendly
2  North American, disapproving
   of a person: not attractive
```

የመጀመሪያው ፍቺ ከሐሳቡ ጋር ልክክ ስላለለት ባልደረባዬ እዚያው ላይ አቆመ። ሁለተኛው ፍቺ ግን «መልክ የሌላት» ማለት ነው፤ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ አሜሪካ በመሆኑም እመቤቲቱ ስታነበው ቀድሞ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው ይህ ሁለተኛው ነው። ስሕተቱ የቋንቋ ችሎታ ማነስ አልነበረም። ሁለቱም ፍቺዎች ትክክል ናቸው፤ ያልተነበቡት በፊታቸው የተቀመጡት መለያዎች ብቻ ናቸው።

አንደኛ፣ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈትዎ በፊት አንባቢውን ይወስኑ

በወረቀት ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ጽሑፉ ለማን ነው፣ ያ ሰው የሚያነበው በየትኛው አገር እንግሊዝኛ ነው፣ የጽሑፉስ ዓይነት ምንድን ነው? ለባልደረባዬ ጉዳይ መስመሩ «ለአሜሪካዊት እመቤት፣ በደብዳቤ፣ በአክብሮት» የሚል ይሆን ነበር። ይህ መስመር ከሌለ መለያን ማንበብ ትርጉም አይኖረውም። መለያ ቃልን መልካም ወይም መጥፎ ብሎ አይፈርድም፤ ቃሉ የሚኖርበትን ስፍራ ብቻ ያመለክታል፣ ያ ስፍራ ከእርስዎ ስፍራ ጋር መግጠም አለመግጠሙን የሚያውቁት ደግሞ የራስዎን አስቀድመው ከወሰኑ ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላቱ የየት አገር እንደሆነ ይወቁ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው። መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ መለያ የሚሰጠው ከራሱ አገር አነጋገር ለሚለየው ነገር ነው። የእግረኛ መንገድን የሚያመለክተው «ሳይድዎክ» በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ላይ የሰሜን አሜሪካ መሆኑን የሚናገር መለያ ይዞ ሲገኝ፣ በአሜሪካው ሜሪያም ዌብስተር ላይ ግን ያለ ምንም መለያ ይቀመጣል፤ ለአሜሪካዊ ሌላ ስም የለውምና። «ሆምሊ»ም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ መዝገበ ቃላት የሰሜን አሜሪካ ተብሎ የተለየው «መልክ የሌላት» የሚለው ፍቺ፣ በአሜሪካ መዝገበ ቃላት ከሌሎቹ ፍቺዎች ጋር ያለ መለያ ተሰልፎ ይገኛል። ስለዚህ መለያ አለማየት ማለት ቃሉ በየትኛውም አገር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ያለበት መዝገበ ቃላት የቤቱን ነገር እንደ ልማዱ ሳይለይ ማለፉም ሊሆን ይችላል።

በዚያው አጋጣሚ በመጽሐፉ መግቢያ ወይም በድረ ገጹ የእገዛ ክፍል ያለውን የመለያዎች ማብራሪያ አንድ ጊዜ ያንብቡ። ሁሉም አዘጋጆች በአንድ ዓይነት ስም አይጠሩም፤ አንዱ «አርኬይክ» የሚለውን ሌላው «ኦልድ ዩዝ» ይለዋል፣ አንዱ «ቨልጋር» የሚለውን ሌላው «ታቡ» ይለዋል። አንዳንዴም መለያው ፈጽሞ ያልጠበቁት ጥብቅ ትርጉም አለው። በሜሪያም ዌብስተር የኮሌጅ መዝገበ ቃላት «ኦብሶሊት» የሚለው መለያ ከ1755 ወዲህ ቃሉ በዚያ ፍቺ ስለ መነገሩ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው፤ ዓመቱም የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት የታተመበት ነው። «አርኬይክ» ግን ከዚህ ይለያል፤ ቀድሞ በሰፊው የሚነገር፣ ዛሬ ግን አልፎ አልፎ ወይም ለተለየ ጉዳይ ብቻ የሚገኝ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መለያው ምኑን እንደሚገዛ ይለዩ

መለያ የሚገዛው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ስፍራውም ኃይሉን ይወስናል። ከፍቺ ቁጥሮቹ ሁሉ በፊት፣ ከዋናው ቃል ጎን ከተቀመጠ ቃሉን በሙሉ ይገዛል። ከቁጥር ቀጥሎ ከተቀመጠ የዚያን ቁጥር ፍቺ ብቻ ይገዛል፤ የሌላውን ቁጥር አይነካም። ከአንድ ሐረግ ወይም ከተለየ አጻጻፍ አጠገብ ከሆነም የሚመለከተው ያንኑ ብቻ ነው።

«ኪድ» የሚለውን ቃል ይመልከቱ። የፍየል ግልገል ሲሆን መለያ የለውም፤ በየትኛውም ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። ልጅ ማለት ሲሆን ግን ኦክስፎርድ «ኢንፎርማል» ይለዋል። ቃሉ አንድ ነው፣ ክብደቱ ግን እንደ ፍቺው ይለያያል፤ ስለ ሕፃናት ጤና በሚቀርብ ዘገባ ላይ «ቻይልድ» እንጂ «ኪድ» የማይጻፈው ለዚህ ነው። «ዋየርለስ»ም ተመሳሳይ ነው። ያለ ሽቦ የሚሠራ መሣሪያ ማለት ሲሆን ዛሬ በየቀኑ የሚነገር ቃል ነው፤ የሬዲዮ መቀበያ ማለት ሲሆን ግን ጊዜው ያለፈበትና በአብዛኛው የብሪታንያ ነው የሚሉ ሁለት መለያዎች ይደረቡበታል። መለያውን ከገጹ አናት ላይ አንሥቶ ቃሉን ሁሉ የሚተው ሰው ጥሩ ቃል ያጣል፤ የመጀመሪያውን ፍቺ አንብቦ ሦስተኛውን የሚጠቀም ደግሞ ሳያውቀው ይሳሳታል።

አራተኛ፣ መለያውን በዓይነቱ ያንብቡ

*የዘመን መለያዎች።* እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። «አርኬይክ» የተባለ ቃል ዛሬ በተለመደው ንግግር የለም፤ የጥንት ድምፅ ለማሰማት ካልተፈለገ በቀር አይጻፍም። «ዴትድ» ወይም «ኦልድ ፋሽንድ» የተባለው ገና በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አፍ ይሰማል፤ ቢጽፉት ይረዱዎታል፣ ግን የሌላ ትውልድ ሰው ይመስላሉ። «ሂስቶሪካል» የተባለው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ያረጀው ነገሩ እንጂ ቃሉ አይደለም። ዛሬ የሌለ የጦር ልብስ ወይም የቀረ ሹመት ስም ይህን መለያ ይይዛል፤ ስለዚያ ዘመን ሲጽፉ ትክክለኛውና ምናልባትም ብቸኛው ቃል እሱ ነው። «ሂስቶሪካል» የሚለውን እንደ «አርኬይክ» ቆጥሮ የታሪክ ጽሑፉን ከትክክለኛ ስሞቹ ያራቆተ ሰው አይቻለሁ።

*«ኢንፎርማል»።* ይህ መለያ ቃሉ ስሕተት ነው አይልም። ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ሲነጋገር ወይም መልእክት ሲጻጻፍ የሚለው ነው ማለቱ ነው፤ ለባልንጀራ «አንተ» እንደምንለው ያለ ነገር ነው፣ ስፍራው ላይ ሲሆን ያምራል፣ ለማናውቀው ሽማግሌ ሲሆን ግን ያስነውራል። ጥንቃቄ የሚያሻው መለያው በሌለበት ነው። የዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም በ1961 ሲወጣ «ኮሎኪያል» የሚለውን መለያ ሙሉ በሙሉ ትቶታል። እንግዲህ በዚያ መዝገበ ቃላት የንግግር መለያ አለማግኘት ቃሉ ለማመልከቻ እንደሚሆን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

*«ቨልጋር»።* የላቲን ሥሩ ተራውን ሕዝብ ቢያመለክትም፣ በመለያነት ሲቀመጥ ስለ ሩካቤ፣ ስለ ዓይነ ምድርና ስለ ኀፍረተ ሥጋ የሚነገር ነውረኛ ቃል ማለት ነው። ከእሱ ጋር የሚዛመዱ ሁለት መለያዎችን መለየት ያሻል። «ዲሮጋቶሪ» የተባለው ተናጋሪው ሊያዋርድ ሲፈልግ የሚጠቀምበት ነው፤ «ኦፌንሲቭ» የተባለው ግን ተናጋሪው አሰበም አላሰበ ሰሚውን ሊያስቀይም የሚችል ነው፤ በተለይ ስለ ዘርና ስለ ሕዝብ የሚነገሩት ቃላት ይህን ይይዛሉ። ልዩነቱ ሥራ ላይ የሚውለው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው «ለማዋረድ አላሰብኩም» ማለት ትንሽ ሊያድን ይችላል፣ በሁለተኛው ግን አሳብዎ ምንም ቢሆን አያድንዎትም፤ ቃሉን መተው ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛ የሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪ ለዚህ መለያ ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅለት ይገባል፤ ምክንያቱም በራሱ ቋንቋ የነውር ቃል ሲሰማ የሚሰቀጥጠው ስሜት በተማረው ቋንቋ ስለማይሰማው ነው። ፊልም ላይ አሥር ጊዜ የሰማውን ቃል እንደ ተራ ቃል ይይዘዋል። ከአገር አገርም ክብደቱ ይለዋወጣል። «ፋኒ» በአሜሪካ መቀመጫን በለዘብታ የሚጠራ የንግግር ቃል ነው፤ በብሪታንያ ግን የሴትን ኀፍረተ ሥጋ የሚጠራ ነውረኛ ቃል ነው። አሜሪካውያን ወገብ ላይ የምትታሰረውን ትንሽ ቦርሳ የሚጠሩበት ስም በዚሁ ቃል ይጀምራል፤ ብሪታንያውያን ደግሞ በዚህ ምክንያት በሌላ ስም ይጠሯታል። ስለሆነም «ቨልጋር» የሚለው መለያ ከአገር መለያ ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ሁለቱን ለየብቻ ሳይሆን በአንድነት ያንብቧቸው፤ ነውሩ ያ አገር ባለበት ነውና።

በዘመንም ይለዋወጣል። «ብለዲ» የሚለው ማጠናከሪያ በ1914 በለንደን መድረክ ላይ በበርናርድ ሾው ድራማ ውስጥ ሲነገር ብዙ ጫጫታ አስነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ግን በብሪታንያ ከከባዶቹ የነውር ቃላት አይቆጠርም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው መዝገበ ቃላት የታተመበትን ዓመት ይመልከቱ። አሮጌ እትም ለዘመንና ለነውር መለያዎች ደካማ ምስክር ነው፤ በተለይ ስለ ሰዎችና ስለ ሕዝቦች የሚነገሩ ቃላት፣ ያኔ ያለ መለያ የታተሙት፣ ዛሬ «ኦፌንሲቭ» ተብለው ሊገኙ ይችላሉ።

*«ቺፍሊ ብሪቲሽ»።* «ቺፍሊ» የምትለው ቃል «በአብዛኛው» ማለት ናት፤ «ብቻ» ማለት አይደለችም። ቃሉ በብሪታንያ ይበዛል፣ በአውስትራሊያ ወይም በሌላ አገርም ሊሰማ ይችላል፣ አሜሪካ ውስጥም ፈጽሞ አይታወቅም አይባልም። ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አገሩ ሲለወጥ የሚለወጠው የቃሉ ድምፅ ብቻ ነው ወይስ ትርጉሙ? «ዋይልስት» የሚለው «ዋይል» ከሚለው ጋር ትርጉሙ አንድ ነው፤ አሜሪካዊ ቢያነበው ይረዳዋል፣ ጸሐፊው ከወዲያ ማዶ የመጣ መሆኑን ብቻ ይሰማዋል። ይህ ቀላሉ ዓይነት ነው።

ከባዱ ዓይነት «ቴብል» የሚለው ግስ ነው። በብሪታንያ አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ግን ከውይይት ማንሣትና ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ትዝታ ላይ የሁለቱ አገሮች የጦር መኮንኖች በዚህ ቃል ሳቢያ ረጅም ክርክር እንደ ገጠሙ አውስተዋል፤ ብሪታንያውያኑ አንድ ሰነድ በአስቸኳይ እንዲታይ ፈልገው ይህንኑ ቃል ሲናገሩ፣ አሜሪካውያኑ ሰነዱ ወደ ጎን ይጣል የተባለ መስሏቸው ነበር፤ ለካስ የሁለቱም ፍላጎት አንድ ኖሯል። የአገር መለያ ያለበት ፍቺ ባገኙ ቁጥር፣ በዚያው ቃል ሥር የሌላ አገር መለያ ያለበት ወይም ምንም መለያ የሌለው ሌላ ፍቺ መኖሩን እስከ ታች ወርደው ይፈትሹ። ካለና ትርጉሙ የሚቃረን ከሆነ ቃሉን ድብልቅ አንባቢ ባለበት ጽሑፍ ውስጥ አያስገቡት፤ «ለውይይት ማቅረብ» የሚለውን በሌላ ግልጽ ግስ መጻፍ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ምሳሌዎቹን ያንብቡና በሁለተኛ መዝገበ ቃላት ያስተያዩ

መለያው ተስማማ ማለት ቃሉ ተስማማ ማለት አይደለም። ባልደረባዬ «ሆምሊ»ን ሲተው ቀጥሎ ያመጣው ቃል «ሆሚ» ነበር። ይህ ቃል በእንግሊዝ መዝገበ ቃላት የሰሜን አሜሪካ ተብሎ የተለየ በመሆኑ ለአንባቢዋ የሚገጥም መሰለው፤ ንባቡም በዚህ ረገድ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከፍቺው በታች ያሉትን ምሳሌዎች ስናይ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ክፍል፣ ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ አንድ ስፍራ ድባብ ነው። ስለ እንግዳ መቀበያ ክፍሉ ቢጽፈው ያምር ነበር፤ ስለ እመቤቲቱ ግን አይሆንም። መለያው አገሩን ነገረን፣ ምሳሌው ደግሞ ቃሉ ስለ ምን እንደሚነገር ነገረን።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር በዚህ እርምጃ ላይ ትልቁ ወጥመድ ነው። ጥንታዊው፣ ነውረኛውና የመንግሥት ደብዳቤ ቃሉ ጎን ለጎን በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ መለያ ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም ወይም ጥቂት ነው። ሁለት ቋንቋ አቻ ለአቻ የሚሰጡ መዛግብተ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ የተገኘ ቃል ሁሉ እንደ እጩ እንጂ እንደ ምርጫ አይቆጠር፤ መለያ ባለው ባለ አንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሳያዩት ወደ ጽሑፍዎ አያስገቡት። የሚቻል ከሆነም አንድ የብሪታንያና አንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ያስተያዩ። ሁለቱም ያለ መለያ ከሰጡት ቃሉ በሁለቱም ዘንድ የተለመደ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ አንዱ ብቻ መለያ ከሰጠው ነገሩ የአገር ልዩነት መሆኑን ይጠርጥሩ፤ አንዱ «ኢንፎርማል» ሌላው «ቨልጋር» ካለው ደግሞ የከበደውን ይመኑ።

ስድስተኛ፣ ምትኩን ከፍቺው ውስጥ ይፈልጉ

መለያው ከአንባቢዎ ጋር ካልገጠመ ምትክ ቃል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንድን ቃል የሚፈቱት ከእሱ ይልቅ በታወቁና ለየትኛውም ስፍራ በሚሆኑ ቃላት ስለሆነ፣ መለያ ያለበት ቃል ፍቺው ራሱ ብዙ ጊዜ መለያ የሌለውን ቃል ይዞ ይገኛል። ከላይ የታየውን የ«ሆምሊ» የመጀመሪያ ፍቺ ይመልሱና ይዩት፤ «ዎርም» እና «ፍሬንድሊ» የሚሉት ሁለት ቃላት እዚያው አሉ። እነሱንም ደግሞ በየራሳቸው ፈልገው ያረጋግጡ፤ «ዎርም» ብዙ ፍቺዎች ስላሉት ስለ ሰው ጠባይ የሚናገረውን ቁጥር ያግኙና ከፊቱ መለያ አለመኖሩን፣ ምሳሌዎቹም ስለ ሰው መሆናቸውን ይመልከቱ።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። «ዎርም» የሚለውን በሁለት መዝገበ ቃላት አየነው፤ ስለ ሰው ጠባይ በሚናገረው ፍቺ ላይ በሁለቱም ዘንድ የአገርም ሆነ የዘመን መለያ አልነበረበትም። ባልደረባዬ «ዌልካሚንግ» የሚለውን ጨምሮበት በተመሳሳይ መንገድ ከፈተሸው በኋላ ሁለቱን ቃላት ስለ እመቤቲቱ፣ «ሆሚ» የሚለውን ደግሞ ስላረፈበት ክፍል አድርጎ ደብዳቤውን እንደ ገና ጻፈው። በማስታወሻ ደብተሩም ላይ «ሆምሊ» ብሎ ሁለቱን ፍቺዎች ከነመለያዎቻቸው፣ ከጎናቸውም ያያቸውን መዛግብተ ቃላት ስምና የእትም ዓመት አስፍሮ ደብዳቤውን ላከ።